«ማይነስ በማይነስ ለምን ፕላስ ይሆናል?» ካለችኝ ተማሪ ጋር

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በዚህ ክፍል ልጆች ሳይገባቸው ከሚያልፏቸው ነገሮች አንዱ የማይነስ ቁጥሮች ብዜት ነው። ሳይገባቸው ማለፋቸው ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። ምክንያቱም ሕጉን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ሲታለፍ ትምህርቱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ስለዚህ «ኔጋቲቭ ታይምስ ኔጋቲቭ ኢዝ ፖዘቲቭ» ብለው ይሸመድዱታል። ክፍሉን በሉ ብትሉት በአንድ ድምፅ ይለዋል። «ለምን?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ጸጥ ይላል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሚያስተምሩና ማታ ማታ ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ሕጉን አልቀበልም አለችኝ። ከእሷ ጋር የተመላለስነውን፣ የትኛው ማስረጃ እንደወደቀና የትኛው እንደቆመ፣ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ሰሌዳው ላይ (−2) × (−3) = 6 ብዬ ጽፌ ነበር። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ ይሄ ነገር አልዋጥ አለኝ።»

«ምኑ?»

«ሁለቱም ማይነስ ናቸው። ሁለቱም ከዜሮ በታች ናቸው። ከዜሮ በታች ያሉ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው እንዴት ከዜሮ በላይ ይወጣሉ? ፕላሱ ከየት መጣ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስንደምር እኮ (−2) + (−3) = −5 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች የነበረው ይብስ ወደ ታች ይወርዳል። ልጅቷ ከመደመር ያገኘችውን ልምድ ይዛ ነው ወደ ማባዛት የመጣችው። ከዚህ ሌላ ምን ይዛ ትምጣ?

መጀመሪያ ያነሳሁት ብዙዎቻችን የምናነሳውን ነው፤ ዕዳን።

«ሰፈር ውስጥ ያለውን ሱቅ አስቢ። የዱቤ ደብተር አለው አይደል? 200 ብር ዱቤ ካለብሽ −200 እንበለው። እንደዚህ ያለ ዱቤ ሦስት ጊዜ ከወሰድሽስ?»

«−600።»

«ጎሽ። ስለዚህ 3 × (−200) = −600። አሁን ደግሞ ባለሱቁ ሦስቱንም ዱቤ ከደብተሩ ሰረዘልሽ። ሦስት ጊዜ ዕዳ ተነሳልሽ ማለት ነው። ‹ሦስት ጊዜ ተነሳ› የሚለውን −3 እንበለው። ምን አተረፍሽ?»

ትንሽ አሰበች። «600 ብር ቀለለኝ።»

«በቃ፣ (−3) × (−200) = +600።»

ብዙ ልጆች እዚህ ላይ «አሃ!» ይላሉ፤ ትምህርቱም እዚህ ያልቃል። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ቲቸር፣ −200 ዕዳ ነው ብለዋል። −3ስ ዕዳ ነው?»

«አይ፣ እሱ ‹ሦስት ጊዜ ተሰረዘ› ማለት ነው።»

«ታዲያ አንዱ ማይነስ ዕዳ ሆኖ ሌላው ማይነስ መሰረዝ የሆነው በምን ሕግ ነው? ሁለቱም ዕዳ ናቸው ካልን ዕዳ በዕዳ ይባዛል እንዴ? 200 ብር በ3 ብር ሲባዛ ምን ይሆናል?»

እውነቷን ነው። ብር በብር አይባዛም። ብር የሚባዛው በ«ስንት ጊዜ» ነው። የዕዳው ምሳሌ የሚሠራው ለሁለቱ ማይነሶች ሁለት የተለያየ ትርጉም ስንሰጥ ብቻ ነው። ትርጉሙን የምንመርጠው ደግሞ መልሱን አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። ሕጉን አስቀድሞ ለተቀበለ ልጅ ማስታወሻ ይሆነዋል። ለሚጠራጠር ልጅ ግን ማስረጃ አይሆንም። መደመር ላይ የዱቤ ደብተሩ ግሩም ነው፤ እዚያ አሁንም እጠቀምበታለሁ።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ይሄኛው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ነው። ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ጻፍኩ፦

(−2) × 3 = −6
(−2) × 2 = −4
(−2) × 1 = −2
(−2) × 0 = 0

«የመጀመሪያዋን መስመር ትቀበያለሽ?»

«አዎ። −2ን ሦስት ጊዜ መደመር ነው።»

«መልሶቹ ወደ ታች ስትሄጂ ምን እየሆኑ ነው?»

«በሁለት በሁለት እየጨመሩ ነው።»

«ቀጥሎ (−2) × (−1) ይመጣል። ከ0 ላይ ሁለት ብትጨምሪ?»

«2 ይሆናል። ገባኝ። ግን ማን ነው እንደዚሁ ይቀጥላል ያለው?»

«ከላይ እስከ ታች እኮ አንድ ዓይነት አካሄድ ነው።»

ደብተሯን ከፍታ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ተነስታ ወጥታ ሰሌዳው ላይ ገለበጠችው፦

3 × 3 = 9
2 × 2 = 4
1 × 1 = 1
0 × 0 = 0

«ይሄም እያነሰ እያነሰ ነው የመጣው። ዘጠኝ፣ አራት፣ አንድ፣ ዜሮ። ቀጥሎ (−1) × (−1) ነው። እያነሰ የመጣ ነገር ማነሱን ከቀጠለ ከዜሮ በታች ይገባል። በእርስዎ መንገድ እኔም ማይነስ አወጣሁ።»

ይህን ያደረገችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። እዚህ ላይ «አይ፣ ልክ አይደለሽም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቀረብ ብሎ ላየው፣ የእሷ ቁጥሮች የቀነሱት በ5፣ በ3፣ በ1 ነው። የሚቀንሱበት መጠን በየደረጃው በሁለት እያነሰ ነው። ያንን ከተከተልን የሚቀጥለው −1 ነው፤ በ«−1 መቀነስ» ማለት ደግሞ በ1 መጨመር ነውና (−1) × (−1) = 1 ይመጣል። ይህንን አሳየኋት። ግን አልተከራከርኳትም። ዋናውን ነገር ይዛለችና። አካሄድ አይቶ መቀጠል ወዴት እንደሚያመራ ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። ሁለት ሰው አንዱን ዝርዝር በሁለት መንገድ ሊያየው ይችላል።

«እሺ፣» አልኳት፤ «በምሳሌም በአካሄድም አላሳምንሽም። ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«እርግጠኛ ነሽ? አትጠራጠሪም?»

«ይሄንንማ አልጠራጠርም።»

«እንግዲያው ከዚህ እንነሳ።»

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው የሠራልኝ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። 8ን 10 − 2፣ 7ን ደግሞ 10 − 3 አድርገን ጻፍናቸው። ከዚያ አባዛን፦

(10 − 2) × (10 − 3)

ልጆቹ ቅንፍ በቅንፍ ማባዛት ገና አልተማሩም። እንዲህ አልኳቸው፤ ከመጀመሪያው ቅንፍ እያንዳንዱ፣ ከሁለተኛው ቅንፍ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጊዜ ይገናኛል። አራት ግንኙነት አለ፦

10 × 10 = 100
10 × (−3) = −30
(−2) × 10 = −20
(−2) × (−3) = ?

«ጥያቄ ምልክቱን ተይውና የቀሩትን ደምሪ።»

«100 ሲቀነስ 30፣ 70። 70 ሲቀነስ 20፣ 50።»

«መልሱ ግን ስንት መሆን አለበት?»

«56።»

«ጥያቄ ምልክቱ −6 ቢሆን?»

«44 ይሆናል።»

«ዜሮ ቢሆን?»

«50።»

ዝም አለች። ክፍሉም ዝም አለ። እኔም ምንም አልጨመርኩም። እንዲህ ባለ ጊዜ መምህሩ ዝም ማለት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መልሱን ቀድመን ከተናገርን ልጁ ያገኘውን ነገር ከእጁ እንነጥቀዋለን።

«ፕላስ 6 ካልሆነ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት አይመጣም፤» አለች በመጨረሻ።

ግን አሁንም ፊቷ ላይ ጥርጣሬው አለ። «መልሱ እንዲመጣ ብለን ነው የሰጠነው። ስድስቱ ራሱ የት ነው ያለው?»

ለዚህ መቀስና ባለ ካሬ ወረቀት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥም ሊሠራ ይችላል። የግራፍ ወረቀት ከሌለ የሒሳብ ደብተር ገጽ ላይ በማስመሪያ ካሬዎቹን መሥራት ነው። አሥር በአሥር፣ መቶ ካሬ። መቀሱን ለእሷ ሰጠኋት። እኔ ብቆርጠው ያው የኔ ማስረጃ ነው የሚሆነው።

«መጀመሪያ ከቀኝ በኩል ሦስት ዐምድ ቁረጪ። ስንት ካሬ ወደቀ?»

ቆጠረች። «ሠላሳ። አሥር አሥር ሦስት ጊዜ።»

«አሁን ከታች ሁለት ረድፍ ቁረጪ።»

ቆረጠችው። ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መቁጠር ጀመረች። አንደኛው ረድፍ ሰባት፤ ሁለተኛው ረድፍ ሰባት። ቆም አለች። እንደገና ቆጠረች።

«አሥራ አራት ነው። ሃያ አይደለም።»

«ሃያ ያልነው የት ሄደ?»

መጀመሪያ የቆረጠችውን ባለ ሦስት ዐምድ ቁራጭ አነሳች። ከታች ጫፉን አየችው። ሁለት ካሬ ወደ ላይ፣ ሦስት ካሬ ወደ ጎን። በጣቷ ከበበችው።

«ስድስቱ እዚህ ነው ያለው! መጀመሪያ ስቆርጠው ሄዷል። ጥጉ ቀድሞ ሄዷል።»

«ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 30 ቀንሰን፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ 20 ስንቀንስ ምን አደረግን?»

«ጥጉን ሁለቴ ቀነስነው። የወደቀው ግን አንዴ ነው።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«አንዱን እንመልሰው። ፕላስ 6።»

እጇ ላይ የቀረው ወረቀት ስምንት በሰባት ነው። ሃምሳ ስድስት ካሬ። ጓደኞቿ ተነስተው ከበቧት፤ ሁሉም እየቆጠሩ አዩት።

አብዛኞቹ ልጆች እዚህ ይበቃቸዋል። ለወላጆች የምመክረውም እስከዚህ ነው፤ ወረቀቱን ልጁ ራሱ ይቁረጠው፣ የሁለተኛውን ቁራጭ ካሬዎች ራሱ ይቁጠር። «ለምን ሃያ አልሆነም?» የሚለው ጥያቄ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግማሹ ሥራ አልቋል። የሚጠራጠር ልጅ ካጋጠማችሁ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እሷ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዛው መጣች። ይህን ጥያቄ ጎልማሶችም ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም።

«ቲቸር፣ ትናንት የቆረጥነው ወረቀት ላይ ማይነሱ መቀነስ ነው። ከአሥር ላይ ሁለት መቀነስ። ጥያቄዬ ግን ብቻውን ስለቆመው −2 ነበር። ከምንም ላይ ያልተቀነሰ −2።»

ልዩነቱ እውነተኛ ነው። በ«10 − 2» ውስጥ ያለው ማይነስ የምንሠራው ሥራ ነው። በ«−2» ውስጥ ያለው ማይነስ ግን የቁጥሩ የራሱ ምልክት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው 10 − 2 እና 10 + (−2) እኩል መሆናቸው ነው። ይሄንን ከመደመር ትምህርት ታውቀዋለች። ግን ከወረቀት ላይ ወደ ብቻውን −2 እንዴት እንደምንደርስ ማየት ፈለገች።

«ወረቀቱን እያሳነስን እንሂድ፤» አልኳት። «አሥሩን በ5 ቀይሪው። (5 − 2) × (5 − 3) ስንት ነው?»

«3 ጊዜ 2፣ 6።»

«አሁን ዘርዝሪው።»

ጻፈች፦ 25 − 15 − 10 + ?

«25 ሲቀነስ 15 ሲቀነስ 10፣ ዜሮ ነው! ስድስቱ በሙሉ የመጣው ከጥጉ ነው።»

«አሁን 5ቱን በ3 ቀይሪ።»

(3 − 2) × (3 − 3) ማለት 1 ጊዜ 0 ነው፤ መልሱ 0 መሆን አለበት። ሲዘረዘር 9 − 9 − 6 + ? ይሆናል። ያለ ጥጉ −6 ላይ ነን። ወደ ዜሮ የሚመልሰን +6 ብቻ ነው። ወረቀቱ አሥር በአሥር ሆነ፣ አምስት በአምስት ሆነ፣ ሦስት በሦስት ሆነ፣ ጥጉ ንቅንቅ አላለም። ሁልጊዜ +6።

«ቀጥሎ ምን ላድርግ?» አለች። ከዚያ ራሷ መለሰች። «ዜሮ ላድርገው።»

(0 − 2) × (0 − 3) = 0 − 0 − 0 + ?

«ሁሉም ጠፋ። የቀረው ጥጉ ብቻ ነው። (−2) × (−3) ማለት ይሄ ነው።»

«አዎ። ግን እዚህ ላይ ልብ በይ። ዜሮ በዜሮ የሆነ ወረቀት የለም። የሚቆረጥ ካሬ የለም። ስለዚህ እስከ 3 ድረስ ያየሽው በዐይንሽ ነው፤ ዜሮ ላይ ያለው ግን በዐይን አይታይም።»

«ታዲያ በምን እናምናለን?»

እዚህ ጋ ነው ዋናው ማስረጃ የመጣው። አጭር ነው፤ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር አይሞላም። ሁለት ነገር ብቻ እንድትቀበል ጠየቅኳት። አንደኛ፣ ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር በድምር ሲባዛ ለእያንዳንዱ ተደማሪ ይዳረሳል። እንግሊዝኛው መጽሐፋቸው ዲስትሪቢዩቲቭ ፕሮፐርቲ ይለዋል። 4 × (5 + 2) ማለት 4 × 5 እና 4 × 2 ተደምረው ነው። ሁለቱንም ተቀበለች። ከዚያ ይህን ጻፍኩ፦

(−2) × (3 + (−3))

«ቅንፉ ውስጥ ያለው ስንት ነው?»

«ዜሮ። ስለዚህ ሁሉም ዜሮ።»

«አሁን ደግሞ −2ን ለሁለቱም አዳርሺ።»

«(−2) × 3፣ −6 ነው። ሲደመር (−2) × (−3)። እሱን አናውቀውም።»

«ድምሩ ግን ስንት ነው ብለሻል?»

«ዜሮ።»

«−6 ላይ ምን ሲደመርበት ዜሮ ይሆናል?»

«6።» ከዚያ ለራሷ ደገመችው። «6 ብቻ።»

ትንሽ ቆየችና «−6 ነው ብለን ብንወስንስ?» አለች። ይህንን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር።

«ወስኚ። እናም ሥሪው።»

«−6 ሲደመር −6፣ −12። ግን በሌላ በኩል ዜሮ ነው ብለናል። አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው ነው።»

«ካልፈለግሽ ምን ማድረግ ትችያለሽ?»

«ማዳረሱን መተው።»

«ይቻላል። ግን እሱን ከተውሽ ትናንት 8 ጊዜ 7ን በ10 − 2 እና በ10 − 3 የሠራሽበት መንገድም አብሮ ይሄዳል።»

«ስለዚህ ፕላስ የሆነው አንድ ሰው ስለወሰነ አይደለም። ሌሎቹ ሕጎች እንዳይፈርሱ ነው።»

ከእኔ አገላለጽ ይሻላል። ለልጅ እውነቱን መንገር ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሰው ውሳኔ ያለበት ቦታ አለ፤ የማዳረሱ ሕግ ማይነስ ቁጥሮች ላይም እንዲሠራ የመረጥነው እኛ ነን። ያንን ከመረጥን በኋላ ግን የምልክቱ ጉዳይ በእጃችን አይደለም። ፕላሱ ራሱ ይመጣል። «ሕግ ነው፣ ያዙት» ስንላቸው ይህንን ልዩነት እንሰውርባቸዋለን። ልጅቷ «አላምንም» ያለችውም የሒሳብ ችሎታ ስላነሳት አልነበረም። ሕጉ ከሰማይ የወረደ መስሎ ስለቀረበላት ነበር።

በጥርጣሬዋ ብቻዋን እንዳልሆነችም ነገርኳት። ብራህማጉፕታ የተባለው የሕንድ ሊቅ የማይነስ ቁጥሮችን ሕግ በ628 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ እሱም ፕላሱን ሀብት፣ ማይነሱን ዕዳ ብሎ ነው የጠራው። ይህ ከሆነ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1758 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ማዜሬስ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ማይነስ ቁጥሮች ነገሩን ያጨልማሉ፣ ከአልጀብራ ቢወጡ ይሻላል ብሎ ተከራክሯል። «ትልቅ ሰውም አልዋጥ ብሎታል ማለት ነው፤» አለች። ደስ ብሏት ነው የተቀመጠችው።

አሁን ከዚያ በኋላ ምን እንደሚበላሽ ልንገራችሁ፤ ሕጉ ከገባቸው በኋላም የሚበላሽ ነገር አለና።

በጣም የሚደጋገመው ስህተት «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የሚለውን ወደ መደመር ይዞ መሄድ ነው። −2 − 3 ስትሰጧቸው 5 ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉ። «ሁለት ማይነስ ስላለ» ይላሉ። ይህንን ለማወቅ ሁለት ጥያቄ ጎን ለጎን ስጧቸው፤ −2 − 3 እና (−2) × (−3)። የመጀመሪያውን −5፣ ሁለተኛውን 6 ያለ ልጅ ደህና ነው። ሁለቱንም ፕላስ ያደረገ ልጅ የያዘው መዝሙሩን ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ተሳስተሃል» ከማለት በፊት «እዚህ ምን ከምን ጋር ተባዛ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። −2 − 3 ውስጥ የተባዛ ነገር እንደሌለ ራሱ ያገኘዋል። የዱቤ ደብተሩ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ሁለት ብር ዱቤ ነበረብህ፣ ሦስት ብር ጨመርክበት።

ለገባቸው ልጆች ደግሞ አንድ የምሰጣቸው ጥያቄ አለ፤ 97 × 98ን ያለ ካልኩሌተር መሥራት። ልጅቷ ቀድማ ነው የሠራችው። 100 − 3 እና 100 − 2 አደረገቻቸው። አሥር ሺህ፣ ሲቀነስ 200፣ ሲቀነስ 300፣ ሲደመር 6። 9506። ስድስቱን የረሳ ልጅ 9500 ይላል፤ የቀነሰው ልጅ 9494 ይላል። ሦስቱን መልሶች ሰሌዳው ላይ ጽፌ የትኛው ልክ እንደሆነ እንዲለዩ አደርጋለሁ። ደስ የሚለው ነገር የመጨረሻ ቁጥራቸውን ብቻ አይቶ መለየት መቻሉ ነው። 7 ጊዜ 8 ሃምሳ ስድስት ነውና መልሱ በ6 ነው የሚያልቀው። 0ም 4ም ያኔውኑ ይወድቃሉ።

ሌላው ወጥመድ −3² ነው። ልጆች «ማይነስ በማይነስ ነው» ብለው 9 ይጽፋሉ። በሒሳብ አጻጻፍ ግን ትንሿ ሁለት የምትይዘው አጠገቧ ያለውን 3 ብቻ ነው። መጀመሪያ 3 ጊዜ 3፣ ከዚያ ማይነሱ፤ −9። ማይነሱም እንዲባዛ ከተፈለገ (−3)² ተብሎ በቅንፍ ይጻፋል፤ ያኔ 9 ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼው 9 መጣልኝ ብሎ ተከራከረኝ። ልጁ አልዋሸም። ኤክሴል ላይ `=-3^2` ብላችሁ ብትጽፉ 9 ይላችኋል፤ ኤክሴል ከፊት ያለውን ማይነስ ከቁጥሩ ጋር አስቀድሞ ያያይዘዋል። ፈተና ላይ ግን የሚታረመው በሒሳቡ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ የኔ ተማሪዎች ማይነስ ቁጥርን ራሱን በራሱ ሲያባዙ ሁልጊዜ ቅንፍ እንዲያደርጉ አስገድዳለሁ፤ ቅንፉ የሌለበትን ደብተር መልሱ ልክ ቢሆንም እንኳ መልሼ እሰጣለሁ።